ለቆጣሪ ፍተሻ የጻፍኩትን ደብዳቤ ከማስገባቴ በፊት እዩልኝ (ጎንደር፣ ሱቅ)

ባለሱቋ አራዳ

ሰላም ለሁላችሁ። አራዳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ያለኝ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ዲፕ ፍሪዘርና አምስት አምፖል ነው። የጥር ወር ቢል 610 ኪሎዋት ሰዓት ይላል። እስከ ጥቅምት ድረስ በወር ከ172 ብዙም አልወጣም ነበር። ያስገባሁት አዲስ ዕቃ የለም። ነገ ላስገባው ያዘጋጀሁት ደብዳቤ ይኸውና፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ ትቼዋለሁ።

> ለ……… የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል፣ ጎንደር
> ጉዳዩ፦ የተበላሸ ቆጣሪን ይመለከታል
> ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው ቆጣሪዬ ተበላሽቶ ያልተጠቀምኩትን እየቆጠረ ስለሆነ፣ በጥር ወር የተጣለብኝ አላግባብ ክፍያ ተሰርዞ ቆጣሪው በአስቸኳይ እንዲቀየርልኝ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

የሚጨመር ወይም የሚወጣ ካለ ንገሩኝ።

ባለ ቴስተሩ

እህቴ፣ ነገ አያስገቡት። አማርኛው ደህና ነው፤ ችግሩ የሚጠይቀው ነገር ላይ ነው። «ተበላሽቷል» ብለው ከጻፉ የማስረዳቱ ሸክም እርስዎ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን «ይቀየርልኝ» የሚለው ነው። ቆጣሪው ሳይፈተሽ ተነቅሎ ከሄደ ትክክል ይቁጠር አይቁጠር የሚናገር ምንም ነገር እጅዎ ላይ አይቀርም። አዲሱ ቆጣሪ በትክክል መቁጠሩ ስለ አሮጌው አይመሰክርም፤ የጥሩ ቢል ደግሞ እንዳለ ይቆያል። መጠየቅ ያለብዎት ቆጣሪው ባለበት ቦታ፣ እርስዎ ባሉበት እንዲፈተሽ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሦስት ነገር ያምጡልን። የመጀመሪያው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ቢሎች ላይ የተጻፈው «የበፊት ንባብ» እና «የአሁን ንባብ» ነው። ብሩን ይተዉት፤ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየተሻሻለ ስለሆነ ወርን ከወር በብር ማወዳደር ያሳስታል። ሁለተኛው ቆጣሪው ዛሬ የሚያሳየው ቁጥር ነው፤ የቆጣሪው መለያ ቁጥር አብሮ እንዲታይ ፎቶ ያንሱት። ሦስተኛው ከቀይዋ ብልጭ ድርግም ከምትለው መብራት አጠገብ የተጻፈው ነው፤ 1600 imp/kWh ወይም 3200 imp/kWh የሚል ያገኛሉ።

እድማስ

እነዚህ አዳዲሶቹ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ሁሉም ይዘላሉ፤ የታወቀ ነገር ነው። በዚያ ላይ ፍጆታው አንድ ወር ላይ ሲከመር ወደ ከፍተኛው እርከን ይገባና በውድ ዋጋ ይሰላል። ስለዚህ አትልፊ፣ ስረዙልኝ በያቸው። እስኪስተካከል ድረስም እንዳትከፍዪ።

የአዘዞው

ካርድ ሞልተሽ ኪሎዋቱ ቶሎ እያለቀ ከሆነ መጀመሪያ ያለፈ ዕዳ እየተቆረጠ እንዳይሆን ደረሰኙን እዪ። እኔም ጋ እንዲሁ ነበር፤ ከሞላሁት ላይ በየወሩ የሚቆረጥ ነገር አግኝቼበታለሁ።

ባለሱቋ አራዳ

የአዘዞው፣ የኔ የካርድ አይደለም፤ አንባቢ መጥቶ የሚያነበው፣ በወሩ መጨረሻ የምከፍለው ነው።

ባለ ቴስተሩ፣ ያሉኝን ሁሉ አየሁ። በጥቅምት 30 ንባቡ 8,412 ነበር። የኅዳር ቢል ላይ 8,472፣ የታኅሣሥ ላይ 8,532፣ የጥር ላይ 9,142 ይላል። የካቲት 9 ማታ ራሴ ፎቶ ሳነሳው 9,215 ላይ ነበር። የቆጣሪው መለያ ቁጥር ከቢሉ ጋር አንድ ነው። አጠገቡ 1600 imp/kWh ተጽፏል።

ባለ ቴስተሩ

ነገሩ ግማሹ እዚህ ላይ ተፈታ። ኅዳር 60፣ ታኅሣሥም 60። ፍሪጅና ፍሪዘር ያለው ሱቅ በሁለት ተከታታይ ወር እኩል 60 ሊፈጅ አይችልም። በሁለቱም ወር ቆጣሪውን ያየው ሰው የለም፤ በግምት ተሞልቶ ነው ያለፈው። በጥር እውነተኛው ንባብ ሲወሰድ የተረሳው ሁሉ ባንድ ወር ላይ ተከመረ።

ስለዚህ ጥርን ለብቻው አይመልከቱት። ከጥቅምት 30 እስከ ጥር 30 ዘጠና ቀን ነው፤ ከ8,412 እስከ 9,142 ደግሞ 730 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በቀን 8.1 ይመጣል። አሁን ያነሱትን ፎቶ ይጨምሩበት፦ ከጥር 30 እስከ የካቲት 9 ባሉት ዘጠኝ ቀናት 73 ቆጥሯል፤ ይህም በቀን 8.1 ነው። ሁለቱ ገጠሙ። የጥር ንባብ ትክክል ነው ማለት ነው፤ የተሳሳቱት የኅዳርና የታኅሣሥ ናቸው። 610 በሠላሳ ቀን በቀን ከ20 በላይ ነበር፤ ሱቅዎ እንዲህ ፈጅቶ አያውቅም።

ግን አሁንም አንድ ነገር ይቀራል። ድሮ በወር 172 ማለት በቀን 5.7 ነው። አሁን 8.1 ነው። በቀን 2.4 የሚሆን ትርፍ አለ፤ ለ24 ሰዓት ሲካፈል መቶ ዋት አካባቢ ይሆናል። አንድ መቶ ዋት የሚወስድ ነገር ሌትና ቀን ሳይቋረጥ በርቶ እንደ ማለት ነው። ይህ ከቆጣሪው ሊሆን ይችላል፣ ከመስመሩም ሊሆን ይችላል። የሚለየው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ዋናውን ብሬከር ያጥፉና ቀይዋን መብራት ሃያ ደቂቃ ይመልከቱ። ምንም ሳይጫን የሚቆጥር ቆጣሪ ከሆነ ብልጭታው ይቀጥላል። ቀጥሎ ዋናውን ያብሩና ዕቃውን ሁሉ ከሶኬት ይንቀሉ፤ በማብሪያው ማጥፋት አይበቃም። እንደገና ይመልከቱ። በመጨረሻ ኃይሉ የታወቀ አንድ ዕቃ ብቻ ይሰኩና የሃያ ብልጭታ ጊዜ በስልክዎ ይለኩ። ካውያ አይሁን፣ መሀል ላይ እየጠፋ ስለሚበራ ልኬቱን ያበላሻል። የውሃ ማፍያ ይሻላል፤ ውሃው እስኪፈላ ድረስ አይቋረጥም። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
kW = 3600 × n / (t × 1600)
```

n የብልጭታው ብዛት፣ t የፈጀው ሰከንድ ነው፤ 1600 ደግሞ ቆጣሪዎ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጠው የብልጭታ ብዛት ነው። የቆጣሪውን እሽግ ግን እንዳይነኩ። ሽፋኑ ከተከፈተ ጉዳዩ የቢል መሆኑ ይቀርና የማጭበርበር ይሆናል።

እድማስ፣ እርከን ያልከው በመኖሪያ ቤት ታሪፍ ልክ ነው። የሱቋ ቢል ላይ የታሪፍ ምድቡ ምን እንደሚል ግን አላየንም። እህቴ፣ እሱንም ይዩት። በመኖሪያ ቤት ታሪፍ እየከፈሉ የሚነግዱ ከሆነ ፍተሻ ሲመጣ እሱም ይታያልና አስቀድመው ይወቁት።

ባለሱቋ አራዳ

ምድቡ የንግድ ነው፤ እሱ ጸድቷል።

ዋናው ብሬከር ሲጠፋ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አንድም ብልጭታ አላየሁም። ዋናው በርቶ ዕቃው ሁሉ ሲነቀል ግን በየ22 ሰከንዱ ብልጭ ይላል። ውሃ ማፍያው 220 ቮልት፣ 1500 ዋት ይላል፤ ሃያው ብልጭታ 33.5 ሰከንድ ፈጀ።

እድማስ

33.5ን ሳስገባው 1.343 ኪሎዋት ይመጣል። ዕቃው 1.5 ነው። ቆጣሪው አሥር በመቶ ለአንቺ ያዳላል! እንግዲያው ዝም በዪ፤ ፍተሻ ብትጠይቂ በትክክል የሚቆጥር ቀይረው ይሰጡሻል።

መዝገብ ቤት

እድማስ ወንድሜ፣ ቸኮልክ። 1500 ዋት የሚሆነው ሶኬቱ ላይ 220 ቮልት ሲኖር ነው። ልኬቱ ሲወሰድ ስንት ቮልት ነበር?

ባለሱቋ አራዳ

የጎረቤት ኤሌክትሪሺያን ቴስተር ይዞ መጥቶ ነበር፤ ማፍያው እየሠራ 205 ለክቷል።

ባለ ቴስተሩ

መዝገብ ቤት ልክ ነው። ማሞቂያ ዕቃ ላይ ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ነው። 205 ለ220 ሲካፈል 0.932፣ ካሬው 0.868 ነው። ማፍያው በትክክል እየወሰደ ያለው 1500 ሳይሆን 1302 ዋት ገደማ ነው። ቆጣሪው ያየው 1343። እንዲህ ከታየ ወደ ሦስት በመቶ ያበዛል ሊባል ነው።

መዝገብ ቤት

እሱም ገና አላለቀም። በየ22 ሰከንዱ ብልጭ የሚለው የት ሄደ? በዚያው ቀመር 102 ዋት ነው። ማፍያው ሲለካም አብሮ እየተቆጠረ ነበር። ከ1343 ላይ 102 ሲቀነስ 1241 ይቀራል፤ ከ1302 ጋር ሲተያይ ቆጣሪው አምስት በመቶ ያህል አሳንሶ ያየ ይመስላል።

ባለ ቴስተሩ

ትክክል፣ እኔም አልፌው ነበር። ግን «አሳነሰ» ብለንም አንደምድም። የማሞቂያ ዕቃ እውነተኛ ኃይል ከተጻፈበት አምስት በመቶ ሊበልጥ፣ አሥር በመቶም ሊያንስ ይፈቀዳል። በስልክ ሲለካ የጣት መዘግየትም አለ። የቤት ልኬት ቆጣሪው በእጥፍ ወይም በሲሶ እየሳተ መሆኑን ያሳያል፤ በሦስት በመቶ መሳቱን ግን አያሳይም። ለዚያ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የተስተካከለ መለኪያውን ይዞ መምጣት አለበት። የሱቅ ቆጣሪ ላይ የሚፈቀደው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ነው፤ ምድቡ ቆጣሪው ፊት ላይ ተጽፏል።

ከዚህ ልኬት በእርግጠኝነት የምንወስደው አንድ ነገር ነው፤ 172 የነበረውን 610 የሚያደርግ ጉድለት ቆጣሪው ውስጥ የለም። ያ 102 ዋት ደግሞ በቀን 2.4 ብለን ካሰላነው ትርፍ ጋር ልክ ለልክ ገጠመ። ዋናው ሲጠፋ መቆሙ ከብሬከሩ በኋላ ባለው መስመር ላይ መሆኑን ያሳያል። ትንንሾቹን ብሬከሮች አንድ በአንድ እያጠፉ በየትኛው እንደሚቆም ይዩ።

የአዘዞው

ዳቦ ቤት ካለሽ ደግሞ በቢሉ ላይ ማባዣ የሚባል ቁጥር አለ፤ እሱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ትልልቆቹ ላይ ቆጣሪው ያነበበው በ20 ወይም በ40 ይባዛል።

ባለ ቴስተሩ

ማባዣው ባለ ትራንስፎርመር መለኪያ ለሆኑት ለዳቦ ቤትና ለወፍጮ ቤት ነው። የእሷ ባለ አንድ ፌዝ በቀጥታ የሚያልፍ ነው፤ ማባዣው አንድ ነው።

ባለሱቋ አራዳ

የጓዳውን ብሬከር ሳጠፋ ብልጭታው ቆመ። ጓዳው ውስጥ ግን አንድ አምፖል ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ጠፍቶ ነው የለካሁት። ሽቦው በኮርኒሱ ላይ ወደ ጎረቤት ክፍል ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

እድማስ

ኤሌክትሪኩ መሬት ላይ እየፈሰሰ ነው። እርጥብ ግድግዳ ይሆናል።

ባለ ቴስተሩ

ሊሆን ይችላል፤ 102 ዋት በ205 ቮልት ግማሽ አምፔር ነው። የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ቢኖር ኖሮ በ30 ሚሊአምፔር ይወርድ ነበር፤ ሱቁ ላይ የለም ማለት ነው። ግን ወሩ የካቲት ነው፤ ዝናብ የለም። ግማሽ አምፔር ሌትና ቀን በደረቅ ግድግዳ ውስጥ ቢፈስስ ቦታው ይሞቃል፣ ቀለሙ ይላላል፣ ይሸታል። ከጎረቤት ክፍል አንድ ሰው የያዘው መስመርም ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱ ፍሪጅ ቢሆን ብልጭታው አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ ይታይ ነበር፤ የእርስዎ ግን ወጥ ነው። የጓዳውን ብሬከር አጥፍተው ይቆዩና ማን እንደሚጠይቅ ይዩ። ግድግዳው እንዳይነካ፣ ኤሌክትሪሺያኑም ሽቦውን ሳይለይ እንዳይቆርጠው።

መዝገብ ቤት

እንግዲያው ደብዳቤው መለወጥ አለበት። አሁን ዋናው ጥያቄ የንባቡ ነው፣ ፍተሻው ሁለተኛ። ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን በየራሱ አንቀጽ ይሁን፣ የሚሠሩት የተለያዩ ክፍሎች ናቸውና። ንባቡ የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ነው፣ ፍተሻው የቴክኒክ። የጓዳውን ነገር ደብዳቤው ውስጥ አታግቢው፤ የራስሽ መስመር ነው፣ የነሱ አይደለም። ያዘጋጀሁትን እዪው፦

> ቀን፦ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም
> ለ……… የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል፣ ጎንደር
>
> ጉዳዩ፦ የንባብ ማስተካከያና የቆጣሪ ፍተሻ እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ
>
> የደንበኛ መለያ ቁጥሬ ………፣ የቆጣሪ ቁጥሬ ……… ነው። በጥር ወር 2017 ዓ.ም ቢል 610 ኪሎዋት ሰዓት ተመዝግቦብኛል። ከዚያ በፊት በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት የተመዘገበው እኩል 60 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ እስከ ጥቅምት ድረስ የነበረው ወርሃዊ ፍጆታዬ በአማካይ 172 ነው። ከጥቅምት 30 (ንባብ 8,412) እስከ ጥር 30 (ንባብ 9,142) ያለው ፍጆታ በቀን 8.1 ሲሆን፣ የካቲት 9 ቀን በፎቶ የያዝኩት ንባብ (9,215) ይህንኑ ያረጋግጣል። በመሆኑም በሁለቱ ወራት የተመዘገበው በግምት እንደሆነ ስለተረዳሁ፣ 730ው ኪሎዋት ሰዓት በሦስቱ ወራት ተከፋፍሎ በየወሩ በነበረው ታሪፍ እንዲሰላልኝ እጠይቃለሁ።
>
> በተጨማሪም ቆጣሪው ከቦታው ሳይነሳ፣ እኔ ወይም ወኪሌ ባለንበት፣ ያለ ጭነት፣ በአነስተኛ ጭነትና በሙሉ ጭነት ተፈትሾ የስሕተቱ መጠን በመቶኛ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። መነሳቱ ግዴታ ከሆነ በዕለቱ የታየው ንባብና የእሽጉ ቁጥር በሁለታችንም ፊርማ እንዲመዘገብልኝ፣ የፍተሻው ክፍያም ካለ አስቀድሞ እንዲነገረኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)
> አባሪ፦ የአራት ወር ቢል ቅጂ፣ የቆጣሪ ፎቶ 1 ገጽ

ሁለት ቅጂ አትሚ። መዝገብ ቤት ስትሰጪ ያንቺኛው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ይምቱልሽ። ያለ ገቢ ቁጥር ደብዳቤ አልገባም ቢሉሽ የምታሳዪው ነገር የለም። ምላሽ ከጠፋ ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚወሰደውም በዚያ ቁጥር ነው።

ባለ ቴስተሩ

«በየወሩ በነበረው ታሪፍ» የሚለው ጥሩ ነው። የኅዳር ፍጆታ በጥር ዋጋ ከተሰላ ጭማሪው እርስዎ ላይ ያርፋል። ግን ኪሎዋቱ አይቀንስም፤ 730ውን ቆጣሪው ቆጥሯል፣ ይከፈላል። ይህን አውቀው ይግቡ።

«በአነስተኛ ጭነት» የሚለውም እንዳይወጣ። አንዳንድ ቆጣሪ በሙሉ ጭነት ልክ ሆኖ በትንሽ ጭነት ይስታል፤ ሱቅ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በትንሽ ጭነት ነው የሚያድረው።

እድማስ

ክፍያውስ? እኔ አሁንም አትክፈል ነው የምለው። ከከፈልሽ ማን ዞሮ ያይሻል?

መዝገብ ቤት

ካልከፈለች መስመሩ ይቆረጣል፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ይበላሻል። በአማካይ የ172ቱን ልክ ለመክፈል መጠየቅ ይቻላል፤ እሺ የሚሉም አሉ፣ የማይሉም። እምቢ ካሉ ሙሉውን ከፍላ «ቅሬታ ባስገባሁበት ቢል ላይ የተከፈለ» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤው ላይ ትጨምር።

እድማስ

በዚህ አልስማማም፤ ግን ውሳኔው የእሷ ነው።

ባለሱቋ አራዳ

ደብዳቤው የካቲት 12 ጠዋት ገብቷል፤ ቅጂዬ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አለ። ለመክፈል በአማካይ ጠይቄ ነበር፣ አልተቀበሉም፤ ሙሉውን ከፍዬ መዝገብ ቤት ያለችኝን መስመር ጨምሬያለሁ። ለፍተሻ የሚመጡበትን ቀን ገና አልነገሩኝም።

የጓዳውን ብሬከር የካቲት 11 ማታ አጠፋሁት፤ ንባቡ 9,231 ነበር። ዛሬ የካቲት 14 ማታ 9,248 ነው። ሦስት ቀን፣ 17 ኪሎዋት። እስካሁን መብራት ጠፋብኝ ብሎ የመጣ ሰው የለም።

ባለ ቴስተሩ

በቀን 5.7፤ ወደ ድሮው ተመለሰ። ማንም ካልመጣ ኮርኒሱ ላይ ወዳለው ሽቦ ነው መሄድ ያለብዎት። ኤሌክትሪሺያኑ ኢንሱሌሽን የሚለካ መሣሪያ ይዞ ይምጣ፤ ያን ተራ ቴስተር አይለካውም። እስከዚያ ያቺ ብሬከር እንደጠፋች ትቆይ።